ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የተበላሸ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ገብቶ ማዘርቦርዱ ተቀየረ እንበል። ባለሙያው የቀድሞውን ዲስክ መልሶ ሰክቶ ሲያበራው ዊንዶውስ አይገባም፤ ሰማያዊ ገጽ ይወጣና ባለ 48 አሃዝ ሪከቨሪ ኪ ይጠይቃል። ባለቤቱ የሚያውቀው ፒኑንና ፓስወርዱን ነው፤ ሁለቱም እዚህ አይሠሩም። ጠጋኙ ዲስኩን ያበላሸው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዲስኩ ግን ደህና ነው።

ቢትሎከር ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ በምስጢር ቆልፎ ያስቀምጣል። የዘወትር መክፈቻውን የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚባለው የኮምፒውተሩ የደኅንነት ክፍል ነው፤ መክፈቻውን የሚሰጠውም ማሽኑ እንደ ወትሮው መነሣቱን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። አዲሱ ማዘርቦርድ ስለዚያ መክፈቻ የሚያውቀው ነገር የለም። ባዮስ ሲታደስ ወይም የአነሣሥ ቅንብሩ ሲነካም ይኸው ገጽ ሊመጣ ይችላል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ቢትሎከርን አብርተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። በብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ግን አንድ ሰው በማይክሮሶፍት አካውንቱ ሲገባ ምስጠራው በራሱ ይጀምራል፤ ሪከቨሪ ኪውም ወደዚያው አካውንት ይሄዳል። ዱባይ ያለ ወንድም ላፕቶፑን በራሱ አካውንት አስተካክሎ አዲስ አበባ ላሉት እህቱ ቢልክ፣ ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። እሷ በራሷ አካውንት ብትፈልግ ላታገኘው ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ላፕቶፕ መጀመሪያ ያስተካከለው ማነው?» የሚል መሆን አለበት።

ወንድሙ በስልኩ aka.ms/myrecoverykey ከፍቶ ይገባል። ብዙ ቁልፎች ከተዘረዘሩ፣ ሰማያዊው ገጽ ላይ የተጻፈውን የ Key ID መጀመሪያ 8 ፊደላትና ቁጥሮች ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ነው። ቁልፉ ስድስት ስድስት አሃዝ ባላቸው 8 ክፍሎች ስለተከፈለ በስልክ እየነገሩ ማስጻፍም አያስቸግርም።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የአይቲ ክፍሉ ጋ አለ። በእጃቸው ያበሩት ደግሞ አትመውት ወይም በፍላሽ ላይ የጽሑፍ ፋይል አድርገው አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል።

የትም ከሌለ ማይክሮሶፍትም አዲስ ቁልፍ ሊያወጣለት አይችልም። ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ላፕቶፑን ይመልሳል፣ ፋይሎቹ ግን ይጠፋሉ። ከዚያ በፊት አሮጌውን ማዘርቦርድ ጠግኖ መመለስ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ቺፑ ካልተጎዳ ዲስኩ ያለ ቁልፍ ሊከፈት ይችላል። አሮጌውን ዕቃ ለጠጋኙ ትቶ መሄድ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ላፕቶፑ ገና እየሠራ ከሆነ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍቶ ቁልፉን ማየትና ወረቀት ላይ መገልበጥ ይቻላል፦

```
manage-bde -protectors -get C:
```