ሁለት የልደት ቀን ያለው ኩባንያ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የአፕል ዋና መሥሪያ ቤት የባሕር ወንበዴዎች ባንዲራ ተሰቅሎ ዋለ። በ1980ዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒውተርን የሠሩት ወጣቶች ይሰቅሉት የነበረው ዓይነት ባንዲራ ነው፤ ኩባንያው 40ኛ ዓመቱን ሲያከብር ያንን ትዝታ መለሰው። አርባ ዓመት ወደኋላ ብንቆጥር 1976 ላይ እንደርሳለን። ይኸው ኩባንያ ግን ለአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ባስገባቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች በ1977 የተቋቋመ የካሊፎርኒያ ድርጅት መሆኑን ሲገልጽ ኖሯል።

ልዩነቱን የጽሕፈት ስህተት አድርጎ ማለፍ ይቀላል። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላውም አይጠፋም፤ የመጀመሪያው ቀን መጋቢት 23 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ደግሞ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ዘጠኝ ወር አለ። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት አፕል ስም ነበረው፣ ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ብድርም ነበረበት። ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕግ ፊት ከባለቤቶቹ ተለይቶ የሚቆም የራሱ ሰውነት። በእነዚያ ወራት ማን ለምን ይጠየቅ እንደነበር ለማየት ከሦስቱ ሰዎች አንዱን መከተል ይበቃል።

በኤፕሪል 1 ቀን 1976 ስቲቭ ጆብስ፣ ስቲቭ ዎዝኒያክ እና ሮናልድ ዌይን አንድ የሽርክና ውል ፈረሙ። ጆብስ 21፣ ዎዝኒያክ 25 ዓመታቸው ነበር። ዌይን 41 ዓመት የሞላቸው፣ አታሪ በተባለው የጨዋታ ኩባንያ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ውሉን በታይፕ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ድርሻው ለሁለቱ ወጣቶች 45 ከመቶ 45 ከመቶ፣ ለዌይን 10 ከመቶ ሆነ። የዌይን ድርሻ ትንሽ ብትመስልም ሁለቱ ወጣቶች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሚዛኑን የምትደፋው እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን ባይት ሾፕ የሚባል የኮምፒውተር መደብር 50 ኮምፒውተሮችን፣ አንዱን በ500 ዶላር ሒሳብ፣ አዘዘ። ትልቅ ትእዛዝ ነው፤ ግን ዕቃዎቹን ለመሥራት ቺፕና ሌላ መለዋወጫ መግዛት ያስፈልግ ነበርና ሸሪኮቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። ጆብስ መለዋወጫውን በ30 ቀን ዱቤ ወሰደ። መደብሩ ቃሉን ካጠፈ ወይም ኮምፒውተሮቹ ካልሠሩ ዱቤውን ማን ይከፍላል?

በተራ ሽርክና መልሱ አንድ ነው፤ ሸሪኮቹ በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ። ይህ የሕግ ቋንቋ ሲፈታ አበዳሪው ከሦስቱ ማንኛውንም መርጦ ዕዳውን በሙሉ ሊጠይቀው ይችላል ማለት ነው። 10 ከመቶ ያለው ሰው የዕዳውን 10 ከመቶ ብቻ ከፍሎ አይወጣም። ጆብስና ዎዝኒያክ የሚወሰድባቸው ንብረት አልነበራቸውም። ዌይን ግን ነበራቸው፤ ከዚያ በፊትም ራሳቸው የከፈቱት የቁማር ማሽን ሥራ ከስሮ ዕዳውን ከኪሳቸው ከፍለው ያውቃሉ። አበዳሪ ቢመጣ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር መሆኑን ለመረዳት ጠበቃ አላስፈለጋቸውም። ውሉ በተፈረመ በ12ኛው ቀን ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ሄደው ከሽርክናው መውጣታቸውን አስመዘገቡ፤ ለድርሻቸውም 800 ዶላር ተቀበሉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሚሊዮኖች ያመለጡት ሰው ታሪክ ተደርጎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዌይን ያዩት የኩባንያውን የወደፊት ዋጋ ሳይሆን የዚያን ቀን ሕጋዊ ቁመናውን ነው፤ ያዩትም ትክክል ነበር። በዚያን ቀን ዕዳውን የሚሸከም ሌላ አካል አልነበረም።

ያ አካል የመጣው በዓመቱ መጨረሻ ማይክ ማርኩላ የተባሉ ባለሀብት ገንዘባቸውን ይዘው ሲገቡ ነው። ጥር 1977 ሲጀምር፣ ጃንዋሪ 3 ቀን፣ አፕል ኮምፒውተር በካሊፎርኒያ አክሲዮን ማኅበር ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ቢከስር ባለአክሲዮኑ የሚያጣው ያስገባውን ገንዘብ ነው፤ ቤቱና መኪናው አይነካበትም። የ800 ዶላሩ ሰው በኤፕሪል የፈሩት ነገር በጃንዋሪ በአንድ የመዝገብ ወረቀት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አዲሱ ማኅበር ስለተመዘገበ ብቻ የድሮው ሽርክና ንብረት ወዲያው ወደ እሱ አይሻገርም። ስሙ፣ የኮምፒውተሩ ንድፍ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ገንዘብ የሽርክናው ነበሩ። ስለዚህ ማኅበሩ ሽርክናውን ከ5,300 ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ገዛው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሽያጩ ግን የግድ ነበር። ያለ እሱ ከቀድሞ ሸሪኮች አንዱ ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ “ይህ ንድፍ የሽርክናው እንጂ የማኅበሩ አይደለም” ቢል መልስ አይገኝለትም ነበር።

ከምዝገባ በፊት የሚመጣ ገንዘብም የራሱ ጣጣ አለው። በነሐሴ 1998 አንዲ ቤክቶልሻይም ለሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች የ100,000 ዶላር ቼክ ጽፈው ሰጡ። ተከፋዩ “ጉግል” የሚባል ማኅበር ነው፤ ችግሩ እንዲህ ያለ ማኅበር ገና አልነበረም። የሌለ አካል የባንክ ሒሳብ ሊከፍት አይችልምና ቼኩ መሳቢያ ውስጥ ቆየ። ማኅበሩ የተመዘገበው ሴፕቴምበር 4 ነው። ጉግል ዛሬ ልደቱን የሚያከብረው ደግሞ ሴፕቴምበር 27 ነው፤ ከምዝገባውም ቀን ጋር አይገጥምም። የበዓል ቀን ኩባንያው እንደ ወደደ ይመርጣል፤ የምዝገባ ቀን ግን ከመዝገቡ ይነበባል።

በእኛም አገር መሠረቱ ያው ነው። አንድ አክሲዮን ማኅበር የሕግ ሰውነት የሚያገኘው በንግድ መዝገብ ሲገባ ነው። አክሲዮን እየሸጡ ያሉ ድርጅቶች ስማቸው አጠገብ “በምሥረታ ላይ” የሚል የሚጽፉትም ለዚህ ነው፤ ሐረጉ ለገዢው “ገና አልተመዘገብንም” ብሎ ይነግረዋል። ከዚያ ምዝገባ በፊት መሥራቾች ለሚገቡት ግዴታ ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማኅበሩ ሲቋቋም ግዴታውን ካልተረከበላቸው በስተቀር።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ውል ሲፈረም ነው። ለምሳሌ አንዲት ወጣት ለሱቅ የሚሆን ቤት በመስከረም ተከራየች እንበል። የኪራይ ውሉ ላይ “ተከራይ” ተብሎ የተጻፈው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሯ ስም ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ግን የወጣው በኅዳር ነው። መስከረም ላይ ያ ማኅበር የለም፤ ስለዚህ በውሉ የታሰረችው ፈራሚዋ ራሷ ናት። መዳኛው ከባድ አይደለም፤ ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ውሉን መረከቡን በጽሑፍ ማድረግ፣ አከራዩም በዚሁ ላይ እንዲፈርሙ ማድረግ ነው። ይህ ሳይደረግ ሁለት ዓመት አልፎ ኪራይ ቢጠፋ ጥያቄው ወደ ግል ንብረቷ ሊመጣ ይችላል። ለማየትም ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ የውሉ ቀንና የምስክር ወረቀቱ ቀን። የውሉ ከቀደመ ጉዳዩ ክፍት ነው።

የሱቁ በር ላይ “ከ… ዓ.ም. ጀምሮ” ብሎ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ሥራው በእናቷ ጓዳ ከተጀመረበት ዓመት ብትቆጥር አልዋሸችም። ደንበኛው በዚያ ዓመት የሚማረከው ሥራው ስንት ዘመን እንደቆየ ለማወቅ ነውና። ለባንክ በምታስገባው ብድር መጠየቂያ ላይ ግን “የተቋቋመበት ቀን” የሚለውን ክፍል ስትሞላ የሚያስፈልጋት የምስክር ወረቀቱ ቀን ነው። ያንን ቦታ በጓዳው ዓመት ከሞላችው የባንኩ ሠራተኛ ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያየው አይገጥምለትም።

ያ በዌይን ታይፕ የተጻፈ ውል በታኅሣሥ 2011 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሶዝቢ ሐራጅ ቀርቦ ወደ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ዌይን የራሳቸውን ቅጂ ከዓመታት በፊት በ500 ዶላር ለቀው ነበር። ከውሉ ጋር አብሮ የተሸጠው ሌላው ወረቀት ደግሞ እሳቸው በ12ኛው ቀን ከሽርክናው የወጡበት ሰነድ ነው።