ግራውንዱን አትሰንጥቁት

ዛሬም አንድ ቦርድ መጣልኝ። ግራውንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የኢተርኔት መስመሮቹ ደግሞ ስንጥቁን ተሻግረው ያልፋሉ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለችውን ሱቄን የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ቦርድ ለእኔ አዲስ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

ቦርዱን ያመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ቦርዱ ባለአራት ሌየር ነው። ማይክሮኮንትሮለሩና የኢተርኔት ቺፑ በ50 ሜጋኸርዝ ክሎክ ይነጋገራሉ። ኬብል ሲሰካ ሊንኩ ይነሳል፣ ትንንሽ ፒንግም ያልፋል፤ ትልልቅ ፓኬት ሲላክ ግን ግማሹ ይጠፋል። ኬብል ቀየሩ። ቺፑ ፎርጅድ ነው ብለው ሌላ አስመጡ። ሶፍትዌሩንም እንደገና ጻፉት። ሁለተኛውን ሌየር ግን ማንም ከፍቶ አላየም።

1. ከረንት የሄደበት ቦታ አይቀርም፣ ይመለሳል። ልደታ ጣቢያ ቆማችሁ ቀላል ባቡሩን እዩት። 750 ቮልት ዲሲ የሚወስደው ከላይ ካለው ሽቦ ነው፤ ከረንቱ ሞተሩን አልፎ ወደ ሰብስቴሽን የሚመለሰው ግን በሐዲዱ ነው። ሐዲዱን መሐል ላይ ቆርጦ ባቡሩ ይሄዳል ብሎ የሚጠብቅ ኢንጂነር የለም። ቦርድ ላይ ሽቦው ትሬሱ ነው፣ ሐዲዱ ግራውንዱ ነው። እኛ ግን ትሬሱን በጥንቃቄ ስለን ሐዲዱን እንቆርጣለን።

2. በየት ይመለሳል? ዲሲ ከሆነ ሬዚስታንሱ ባነሰበት ሁሉ ተበታትኖ ይመለሳል። ፈጣን ሲግናል እንደዚያ አይደለም። እሱን የሚገዛው ኢንዳክታንስ ስለሆነ ትንሹን ዙር ይመርጣል፤ ትንሹ ዙር ደግሞ በቀጥታ ከትሬሱ ሥር ያለው ነው። ሃዋርድ ጆንሰንና ማርቲን ግራሃም በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፈጣን ዲጂታል ዲዛይን መጽሐፍ ላይ የከረንቱ ሥርጭት በቀመር አለ። ሲሰላ፣ ከሚመለሰው ከረንት 80 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው ከትሬሱ መሐል በግራም በቀኝም የከፍታውን ሦስት እጥፍ በሚያህል ስፋት ውስጥ ነው። በልጆቹ ቦርድ ላይ ከትሬሱ እስከ ግራውንዱ ያለው ከፍታ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ከረንት ከትሬሱ 0.6 ሚሊሜትር እንኳ ሳይርቅ ይመለሳል። ያንን ቀጭን መንገድ ነው የቆረጡት።

3. ኢምፒዳንስም ከዚሁ ነው የሚወጣው። «የትሬሱ ኢምፒዳንስ» ስለሚባል ትሬሱ ብቻውን የያዘው ነገር ይመስላል። የያዙት ትሬሱና ከሥሩ ያለው መመለሻ አብረው ናቸው። በተለመደው ኤፍአር4 ላይ ከፍታው 0.2 ሚሊሜትር ሲሆን 50 ኦም ለማግኘት 0.36 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ይበቃል። 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለሁለት ሌየር ቦርድ ከሆነ ግን 3 ሚሊሜትር ያህል ያስፈልጋል። ከሥሩ ምንም ከሌለስ? ያ 50 ኦም እዚያች ቦታ ላይ የለም። ኢምፒዳንሱ ይዘላል፣ ከሲግናሉም የተወሰነው ወደኋላ ይንጸባረቃል።

«የኛ 50 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፣ ፈጣን አይባልም» የሚለኝ አለ። ክሎኩን ተዉት፤ ጠርዙን እዩ። ቺፑ ከዜሮ ወደ 3.3 ቮልት በ1 ናኖሰከንድ ይነሳል እንበል። በዚያች ጊዜ ሲግናሉ ቦርዱ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ትሬሱ ከዚያ አንድ ስድስተኛውን፣ ማለትም 2.5 ሴንቲሜትርን ካለፈ መጠንቀቅ ግድ ነው። ክሎኩ 1 ሜጋኸርዝ ቢሆንም ጠርዙ ያው ነው።

አሁን ስንጥቁን እናስላው። ሥሩ የተቆረጠበት ከረንት የስንጥቁን ጫፍ ዞሮ መምጣት አለበት። የዚህ ቦርድ ስንጥቅ ከትሬሱ እስከ ጫፉ 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ዙር ወደ 20 ናኖሄንሪ ይጨምራል። 50 ኦም መስመር ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ሞገድ 1.65 ቮልት ቢሆን ከረንቱ 33 ሚሊአምፔር ነው።

```
V = L × di/dt = 20 nH × 33 mA / 1 ns ≈ 0.66 V
```

ይህ የአንድ መስመር ነው። ስንጥቁን የሚሻገሩት ሰባት መስመሮች ናቸው፤ ሁሉም የሚመለሱት በዚያው በአንዱ ጫፍ ስለሆነ የአንዱ ጫጫታ የሌላው ይሆናል። ትንሽ ፒንግ አልፎ ትልቅ ፓኬት የሚጠፋውም ለዚህ ነው፦ ፓኬቱ በረዘመ ቁጥር መስመሮቹ አብረው የሚገለባበጡበት ጊዜ ይበዛል፤ አንዲት ቢት ከተበላሸች ደግሞ ሙሉው ፓኬት ይጣላል።

ይህን ስንጥቅ ማን አስተማራቸው? ብጠይቃቸው «አናሎግ ግራውንድና ዲጂታል ግራውንድ ይለያል፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ይገናኛል» አሉኝ። የክፍል ስላይድ ነው። ያ ስላይድ ከዓመት ዓመት እየተገለበጠ ይተላለፋል፤ የሚያስተምረው ሰው ቦርድ አሠርቶ ለክቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የትራንስሚሽን መስመር ቀመር ተማሪው ይሸመድዳል፤ ምሳሌው ግን በመቶ ኪሎሜትር የሚቆጠር የኃይል መስመር ብቻ ስለሚሆን፣ ያው ቀመር ጠረጴዛው ላይ ላለችው 5 ሴንቲሜትር ትሬስ እንደሚሠራ ሳይነገረው ይመረቃል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲገመገም ደግሞ የሚቆጠረው የሪፖርቱ ገጽ ነው፤ ግራውንድ ሌየሩን አሳየኝ የሚል ገምጋሚ አላጋጠመኝም። ልጆቹን አልቆጣም። የምቆጣው ይህን እንደ ሕግ አድርገው በሰጧቸው ላይ ነው። አንድ የተሳሳተ ቦርድ ከቻይና እስኪመጣና ከጉምሩክ እስኪወጣ የሚባክነው ገንዘብና ጊዜ የማን ነው?

ከዚያ ደግሞ ትሬስ 90 ዲግሪ ከታጠፈ ሲግናል ይበላሻል ብለው ይከራከሩኛል። በዚህ ፍጥነት የማዕዘኗ ተጽዕኖ ለመለካትም አስቸጋሪ ነው። ማዕዘኑን ሁሉ አሳምረው ግራውንዱን ይሰነጥቃሉ!

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ግራውንዱን አንድ ሙሉ አድርጉት፤ የምትለዩት የዕቃዎቹን ቦታ ነው። አናሎጉን በአንድ ጥግ፣ ዲጂታሉን በሌላ ጥግ አስቀምጡ፣ የዲጂታል ትሬስ ወደ አናሎጉ ሠፈር አታስገቡ። ፈጣኑ ከረንት ከትሬሱ ሥር ስለማይርቅ ራሱ ይለያል። መቁረጥ ግዴታ የሚሆንበት ቦታም አለ፦ 220 ቮልት ከሰው እጅ መለየት ሲኖርበት። እዚያ ላይ ግን ድንበሩን የሚሻገረው ኦፕቶካፕለር ወይም ትራንስፎርመር ነው፣ ትሬስ አይሻገርም።

ሲግናሉ በቪያ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሌየር ከወረደም መመለሻው አብሮት መውረድ አለበት። ከረንቱ የሚመለስባቸው ሁለቱም ሌየሮች ግራውንድ ከሆኑ አጠገቡ የግራውንድ ቪያ አድርጉ፤ አንደኛው የፓወር ሌየር ከሆነ ደግሞ ካፓሲተር በቅርብ አስቀምጡ።

የልጆቹን ቦርድ እንዴት እንዳረጋገጥኩ ልንገራችሁ፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ትንሽ ኤፍኤም ሬዲዮ ወሰድኩና 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አደረግኩት። የ50 ሜጋኸርዝ ክሎክ እጥፉ እዚያ ላይ ይወድቃል። ሬዲዮው ቦርዱ ሲጠጋው ሹክሹክታው ጸጥ ካለ፣ ቦርዱ እያሰራጨ ነው። ከስንጥቁ አጠገብ ከሌላው ቦታ ሁሉ በርትቶ ያዘው። ከዚያ ስንጥቁን ግራና ቀኝ የያዙትን የግራውንድ ቪያዎች ጭምብል ፍቄ፣ ከመስመሮቹ ጎንና ጎን አጭርና ሰፊ የመዳብ ፎይል በካውያ በየድኩባቸው። ትልልቆቹ ፓኬቶች ማለፍ ጀመሩ፤ ሬዲዮውም ቢሆን ቦርዱን የሚይዘው ሊነካው ሲደርስ ብቻ ሆነ። ፎይሉ ማረጋገጫ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ቀጣዩ ቦርድ ስንጥቅ አይኖረውም።

ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ ደግሞ ረጅሙን የግራውንድ ክሊፕ አውልቁት። እሱም ራሱ ዙር ስለሆነ፣ ቦርዱ ላይ የሌለ መንቀጥቀጥ ያሳያችኋል። ከፕሮቡ ጋር የምትመጣውን አጭር ስፕሪንግ ተጠቀሙ።

ቦርድ ከማዘዛችሁ በፊት ኪካድ ላይ ሌየሮቹን በሙሉ ደብቁና ግራውንዱንና ፈጣኖቹን መስመሮች ብቻ አስቀሩ። እያንዳንዱን መስመር ከቺፕ እስከ ቺፕ በዓይን ተከተሉት፤ ከሥሩ መዳብ የጠፋበት ቦታ ካለ አትዘዙ። ተደርድረው የተበሱ ቪያዎች የሚፈጥሩት ረጅም ክፍተትም ስንጥቅ ነው፣ እሱንም አትለፉት።