«እደጊ፣ እማማ!»

አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ገጥሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሲናገረው ይሳቃል፣ ይጨበጨባል፣ «አማርኛህ እኮ ከኛም ይበልጣል» ይባላል። ጨዋታው ግን እዚያው ላይ ይቋረጣል። ሲወራ የነበረው የቤት ኪራይም ሆነ የታክሲ ሰልፍ ተረስቶ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውየው አማርኛ ይሆናል። ተማሪው ጭብጨባውን እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን አባባሉ ቦታውን መሳቱን የሚያሳብቅ ምልክት ነው እላለሁ። ቦታውን ያገኘ አባባል ማንም ልብ ሳይለው መልሱን አግኝቶ ያልፋል።

ከአባባል ሁሉ የትኛው ይቅደም ለሚለኝ የምሰጠው መልስም ከዚሁ የመጣ ነው። መጀመሪያ የሚጠናው የታወቀ መልስ ያለው አባባል ነው። በበዓል ቀን «እንኳን አደረሰህ» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይባላል። ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ሲሉት «ያኑርህ» ይላል። ተመርቆ ወይም ተሹሞ «እንኳን ደስ አለህ» የተባለ ሰው «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ይመልሳል። እነዚህን ለመናገር ችሎታ ማሳየት አያስፈልግም፤ ጉድለት የሚሆነው ዝም ማለቱ ነው። ተማሪውን የሚያደናቅፈው አንድ ነገር ቢኖር ቃሉ በሰው ልክ መቆረጥ ያለበት መሆኑ ነው። ለጓደኛ «አደረሰህ» ወይም «አደረሰሽ» የሚለው አፍ ለአዛውንት «አደረሰዎት»፣ ለቤተሰብ ሁሉ «አደረሳችሁ» ማለት አለበት። ዓረፍተ ነገሩን በደፈናው የሸመደደ ልጅ የሰፈሩን ሽማግሌ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ቤተሰቡን ያሳቅቃል።

የዚህ ዓይነቱ አባባል አለመኖሩ ጎልቶ የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው። ውጭ ተወልዳ ያደገች ልጅ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ቤት ስትገባ በእንግሊዝኛ የለመደችውን ወደ አማርኛ ገልብጣ «ይቅርታ» ትላለች። ኀዘንተኛዋ «ምን አድርገሽ ነው የኔ ልጅ?» ብላ ታያታለች፤ እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቀው የበደለ ነው። ለክርስቲያን ቤተሰብ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «ነፍስ ይማር» ትበል፤ የሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ይርሐመው» ትበል። ይህ ከጠፋባት ደግሞ እጅ ጨብጦ አንገት ደፍቶ መቀመጥ ከየትኛውም ትርጉም ይሻላል። ለቅሶ ቤት ዝምታን የሚቀየም የለም።

ከቅርብ ዘመዶቻቸው የሚማሩ ልጆች የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ። አያት ውኃ ላቀበላት የልጅ ልጅ «እደግ» ትለዋለች። ጫማዋን ሲያቀብላት «እደግ»፣ ስልኳን ሲከፍትላት «እደግ»። ልጁ ቃሉን የሚሰማው ሁልጊዜ የጠየቁትን ካደረገ በኋላ ስለሆነ የምስጋና ቃል ይመስለዋል። ፈሊጥ በጆሮ የሚለመደውም እንዲህ ነውና አደማመጡ አላጠፋም። አንድ ቀን አያቱ ሻይ ስታቀርብለት ጎንበስ ብሎ «እደጊ፣ እማማ!» ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ልጁ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። የቃሉ ፍቺ ሳይሆን አቅጣጫው ነው የተሳሳተው። «እደግ»፣ «ተመንደግ»፣ «የኔ ልጅ»፣ እነዚህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ናቸው። ወደ ላይ የሚወጣው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ወይም «አመሰግናለሁ» ነው። ስለዚህ አንድን አባባል ለመጠቀም ከመነሳት በፊት ማን ለማን ሲለው እንደሚሰማ ማስተዋል ያስፈልጋል። እኩዮች ሲባባሉት ካልተሰማ መጠንቀቅ ነው።

በአካል ክፍሎች የተሠሩት ፈሊጦች ሌላ ጉዳይ ናቸው። አማርኛ ስሜቱን የሚናገረው በሆድ፣ በልብ፣ በአንጀትና በዐይን ነውና እነዚህን ያላወቀ ሰው የጎረቤቱን ወሬ እኩሌታ አይሰማም። «የአማርኛ ፈሊጦች» ቢሰበሰቡ መጽሐፍ ይሞላሉ፤ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁም በዚሁ ስም መጽሐፍ አዘጋጅተውላቸዋል። ችግሩ ግን በመልካቸው ተመሳሳይ ሆነው በትርጉም መራራቃቸው ነው። «ልጁ አንጀቴን በላው» ያለ ሰው አዝኖለታል፤ «አንጀቴን አራሰው» ያለ ደግሞ ረክቷል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የአንድ ሁለት ፊደል ለውጥ ነው። የተከፋ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ሆድ ባለቤቱን ሳይጠራ ባዶውን ይቆማል። ተማሪው ሰዋስው ያሟላ መስሎት «ሆዴ ባሰብኝ» ካለ ሰሚው ሐኪም ቤት ሊወስደው ይነሳል፤ ሕመሙ ጸናብኝ ያለ ነው የሚመስለው። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ»ም እንዲሁ ነው። ስንትና ስንት ሰው ቢናገረው «ዳባ ልበስ» አይነካም፤ የሚለዋወጠው «አለ»፣ «አለችኝ»፣ «ብለውኛል» የሚለው ጭራው ብቻ ነው። በጨው የታጠበ ዐይንም በሌላ ነገር አይታጠብም።

እነዚህን በተመለከተ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሁሉንም ሲሰሙ መረዳት፣ ለመናገር ግን ጥቂቱን መያዝ። «ልብ በል»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ዐይን አፋር ነው» ከማንም አፍ ቢወጡ አያስገርሙም። «ቆሽቴ አረረ» እና «ሐሞቱ ፈሰሰ» ደግሞ ስሜቱ እስኪመጣ ይጠብቁ።

ወደ ተረትና ምሳሌው ልመለስ። ምሳሌ የሽማግሌ ዕቃ ነው፤ ነገር ሲቆርጥ ወይም ሲያስታርቅ የሚያወጣው። ወጣት ሐበሻ እንኳ ሲጠቀምበት «አበው ሲሉ» ብሎ ነው የሚደፍረው። ደግሞም ባለቤቶቹ እስከ መጨረሻው አይሉትም። «ላም አለኝ በሰማይ» ካሉ ወተቷን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ምሳሌውን ከነሙሉ ቤቱ፣ ጥርት አድርጎ የሚወጣው ከመጽሐፍ የተማረ ነው። ግማሹን ብሎ መተው ያልቻለ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

የአራዳ ቋንቋን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቶሎ ያረጃል። ወላጆቹ ካገር በወጡበት ዘመን የነበረውን የሰፈር ቋንቋ ይዞ አዲስ አበባ የገባ የዳያስፖራ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የአባቱን ጓደኛ ይመስላል። «በሞቴ»ም እንዲሁ ይቆይለት። ጉርሻ ይዛ «በሞቴ» የምትለው ባለቤቲቱ ናት፤ የእንግዳው ሥራ አንድ ሁለቴ አንገራግሮ መጉረስ ነው።

ወላጆችም ሆናችሁ የተማሪ ጓደኞች አንድ ነገር አድርጉ። ለልጁ «እንኳን አደረሰህ» በሉና መልሱን እስኪሰጣችሁ ጠብቁት፤ ካልመጣለት ንገሩትና እንደገና በሉት። ሲሳሳት ደግሞ ከመሳቃችሁ በፊት ትክክለኛውን ንገሩት፤ «እደጊ» ካለ «ለአያትህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በል» በሉት። ከዚያ በኋላ ሳቁ።