ደመወዝ ሲዘገይ የሚላከው ኢሜይል

ደመወዝ በዘገየ ሰሞን ከድርጅቶች የሚወጣው ኢሜይል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ባጋጠመን የቴክኒክ ችግር የዚህ ወር ደመወዝ በመዘግየቱ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ በትዕግሥት እንድትጠብቁን እናሳስባለን።» ይህን ያነበበ ሠራተኛ የቸገረው «መቼ ይገባል?» የሚለው ነው፤ መልሱ ደግሞ የለም። ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። ከሰዓት በኋላ በየቢሮው «ድርጅቱ ከስሯል» ይባላል።

አዲስ አበባ ውስጥ 120 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ነው እንበል። ደመወዝ የሚከፈለው ወር በገባ በ30 ነው። ሒሳብ ክፍል ፔሮሉን ይሠራና የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ ከደብዳቤ ጋር ለባንክ ይልካል። ደብዳቤው የሁለት ሰው ፊርማ አለበት። የኅዳሩ ዝርዝር በ29 ከሰዓት ባንክ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት፣ አርብ፣ ተመለሰ፤ የሁለት አዲስ ተቀጣሪዎች ስም ከሒሳብ ቁጥራቸው ጋር አልገጠመም። ሁሉም በአንድ ዝርዝር ስለተላከ የሁለቱ ስህተት የ118ቱንም ደመወዝ ያዘ። ተስተካክሎ እንዳይላክ ደግሞ አዲሱ ደብዳቤ እንደገና ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ግን መስክ ወጥተው እሑድ ማታ ነው የሚመለሱት።

እንዲህ ያለውን ነገር «የቴክኒክ ችግር» ማለት ሠራተኛውን መናቅ ነው። የሚከተለው ኢሜይል ግን እዚያው አርብ፣ ዝርዝሩ መመለሱ እንደታወቀ፣ በሥራ አስኪያጁ ስም ሊወጣ ይችላል፦

«የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ዛሬ መግባት የነበረበት የኅዳር ደመወዝ አልገባም። እስከ ማክሰኞ ቀን 6 ሰዓት በሁላችሁም ሒሳብ ይገባል።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ለባንክ በላክነው ዝርዝር ላይ ስህተት ስለነበረ ተመለሰ። ከፈራሚዎቻችን አንዱ መስክ ላይ ናቸው፤ ተተኪ ስላልወከልን ዛሬውኑ መልሰን መላክ አልቻልንም።

የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የባንክ ብድር ይህን ቀን እንደሚጠብቁ እናውቃለን። ላደረስንባችሁ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን። እስከ ማክሰኞ መቆየት የማይችል ዛሬ እስከ 11 ሰዓት ሒሳብ ክፍል ይምጣ፤ እስከ 2,000 ብር ቅድሚያ ይሰጠዋል። በዚህ መዘግየት ቅጣት የከፈለ ደረሰኙን ያቅርብ፤ ድርጅቱ ይተካለታል።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ዝርዝሩ በ25 ባንክ ይደርሳል። ሦስተኛ ፈራሚ በሚመጣው ሳምንት ባንክ ይመዘገባል። የአዲስ ተቀጣሪ የሒሳብ ቁጥርም ፔሮል ውስጥ ከመግባቱ በፊት በባንክ ይረጋገጣል።»

ቀኑን ልብ ይበሉ። ሒሳብ ክፍል «ሰኞ ከሰዓት ይገባል» ብሎ ይሆናል፤ ኢሜይሉ ግን ማክሰኞ ነው ያለው። ሰኞ ቢገባ የሚከፋው የለም። ሰኞ ተብሎ ማክሰኞ ከሆነ ግን ሠራተኛው ከዚያ ወዲያ የሚጻፍለትን አያምንም። ቀኑ ጨርሶ ካልታወቀም ቀጣዩ መረጃ የሚወጣበት ሰዓት ይነገር፤ አዲስ ነገር ባይኖርም በሰዓቱ ይጻፍ።

የ2,000 ብሩም ነገር ቀላል አይደለም። ፈራሚው ስለሌሉ ቼክ ማውጣትም አይቻልም፤ ያለው ሳጥን ውስጥ ያለው የዕለት ወጪ ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ገንዘብ ያዡ መጠየቅ አለበት። ሳጥኑ ውስጥ 40,000 ብር ካለ የሚዳረሰው ለ20 ሰው ነው፤ ለማን እንደሚቀድምም አስቀድሞ ይወሰናል። ሠላሳ ሰው ተሰልፎ «አለቀ» ከሚባል ቅድሚያው ባይጠቀስ ይሻላል።

ስህተቱን የሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ስም ኢሜይሉ ላይ የለም፤ መኖርም የለበትም። ሌላው የሚረሳው ኢሜይል የማይከፍተው ሰው ነው። ጥበቃው፣ ጽዳት ሠራተኛዋና ሾፌሩ ያው ደመወዝ ቀርቶባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚጨንቃቸው እነሱ ናቸው። የክፍል ኃላፊዎች በዚያው ሰዓት በቃል ይንገሯቸው፤ ጽሑፉም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

«30 እሑድ ስለዋለ ሰኞ እንከፍላለን» የሚሉ ድርጅቶችም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የክፍያው ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የይቅርታ ኢሜይል ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ማየት ነው።

ካዝናው ባዶ ከሆነ ግን ከላይ ያለው ኢሜይል አይሆንም። በፊርማና በሒሳብ ቁጥር ማመካኘት ለአንድ ወር ያስኬድ ይሆናል፤ በሁለተኛው ወር ይጋለጣል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለ፣ ከማን እንደሚጠበቅና ስንት ስንት ሆኖ እንደሚከፈል ፊት ለፊት መናገር ነው ያለበት።

ማክሰኞ ደመወዙ ከገባ በኋላ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ገብቷል፣ ያልገባለት ሰው እስከ 10 ሰዓት ለሒሳብ ክፍል ያሳውቅ። ታኅሣሥ 25 ላይ ደግሞ ሌላ አንድ መስመር፦ ዝርዝሩ ዛሬ ባንክ ደርሷል።