የአቻ ግፊትን በአንድ ሰዓት፦ ልጆቹ ይናገሩ፣ ልጆቹ ይለማመዱ

በትምህርት ቤቶችና በወጣት ማዕከላት ስለ አቻ ግፊት የሚዘጋጀው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንግዳ ይጋበዛል፣ የጫትና የሺሻ ጉዳት ይዘረዘራል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓደኛቸው አጥር ሥር ቆሞ "እንፎርፍ" ሲላቸው ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ለመልስ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አያገኙም።

ልጆቹ ጉዳቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር መኪና የመንዳት ጨዋታ ተጫወቱ። የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሲሆን የሚያቆም ነጥቡን ይይዛል፣ አልቆምም ያለ ተጨማሪ ሊያገኝ ወይም ተጋጭቶ ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከተጫወቱት ይልቅ ጎላ ያለ አደጋ ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸው 24 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ሰው ኖረም አልኖረ ብዙም አልተለወጡም። ስለዚህ ልጁ ቤቱ ሆኖ የሚያውቀውን ነገር ጓደኞቹ ፊት እንዴት እንደሚናገረው ነው የቸገረው። አንዱ ሰዓት ለዚህ መዋል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከ20 እስከ 24 ልጆች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከዚያ ከበዛ ለልምምዱ ጊዜ አይበቃም። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ወንበሮቹን በክብ አድርጉ። የክፍሉን ኃላፊ መምህር በትሕትና ደጅ እንዲቆዩ ጠይቁ፣ ነገ ማርክ የሚሰጣቸው ሰው ፊት ልጆች እውነቱን አያወሩምና። ከመጀመራችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን አማካሪ አግኝታችሁ አንድ ልጅ ከባድ ነገር ቢናገር ወደማን እንደሚሄድ ተስማሙ። ማስፈራሪያ፣ ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት "አልፈልግም" ብሎ በመለማመድ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፤ የአዋቂ ጣልቃ መግባት ይፈልጋል። ለልጆቹም በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይህን ንገሯቸው፦ እዚህ የራሱን ታሪክ የመናገር ግዴታ ያለበት ሰው የለም፣ የሌላ ልጅ ስም አይጠራም፣ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሰማን ግን በምስጢር አንይዘውም።

ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ለወረቀት ይሁን። ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ወረቀትና አንድ ዓይነት እስክሪፕቶ አድሉ። ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ "ከክፍልህ አሥር ልጆች ስንቱ መፎረፍን ችግር የለውም ይላሉ?" እና "አንተስ ችግር የለውም ትላለህ?" የመጀመሪያው በቁጥር፣ ሁለተኛው በምልክት ይመለሳል፤ የእጅ ጽሕፈት እንዳይታወቅ ቃል አይጻፍ። ብዙ ጊዜ ልጆች ስለ ጓደኞቻቸው የሚገምቱት ጓደኞቻቸው በልባቸው ከያዙት በጣም ይርቃል። እያንዳንዱ "እኔ ብቻ ነኝ የማልፈልገው" ብሎ ዝም ይላል፣ የእሱ ዝምታ ደግሞ ለሌላው ማስረጃ ይሆናል። ቆጠራውን ግን ለብቻችሁ ሥሩት። ልዩነቱ ከታየ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። መፎረፍን የሚደግፉት እውነትም ብዙ ከሆኑ ቁጥሩን አታንብቡ፤ "ሁሉም ያደርገዋል" የሚለውን እናንተው ታረጋግጡላቸዋላችሁና። ውጤቱን ለአማካሪው ስጡና ወደሚቀጥለው እለፉ።

እዚህ ላይ የሰለሞን አሽን ሙከራ በአጭሩ መንገር ይጠቅማል። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር፣ ጎኑ ደግሞ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት መስመሮች ሥሩ። አሽ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ሰብስቦ የትኛው መስመር ከመጀመሪያው እንደሚተካከል ጠየቀ። በቡድኑ ውስጥ ካለ አንድ ተማሪ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ ተነግሯቸው ነበር። መልሱ ዓይን የሚወጋ ሆኖ ሳለ፣ ከተፈተኑት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ብዙኃኑን ተከትለው ተሳሳቱ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን ብዙኃኑን መከተሉ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ሙከራውን ክፍል ውስጥ አትድገሙት። አንድን ልጅ ጓደኞቹ ፊት ማታለል ልናስተምር የመጣነውን ነገር ራሳችን መፈጸም ነው።

ከሰዓቱ 25 ደቂቃ ያህሉ ለልምምድ ነው፣ የሥልጠናው ልብም እዚህ ነው። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ይገፋፋል፣ አንዱ ይጠየቃል፣ ሁለቱ አብረው የቆሙ ጓደኞች ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ዝም ይበሉ።

"ባዮሎጂ ነው፤ ማን ይገባል? እነ እንትና ቤት ባዶ ነው፣ እንሂድ።"
"እኔ እንኳ ዛሬ... እናቴ ትደውላለች።"
"ስልክህን ዝጋዋ!"
"ደግሞ ነገ ፈተና አለን።"
"እዚያው እናነባለን። ፋራ አትሁን በቃ!"

እዚህ አቁሟቸው። ልጁ ያቀረበው ምክንያት ሁሉ ለገፋፊው መልስ መስጫ በር እንደከፈተለት ራሳቸው እንዲያዩት ጠይቋቸው። ከዚያ እንደገና ይሞክሩት፦ አጭር እምቢታ፣ ያለ ማብራሪያ፣ ወዳጅነቱን ከሚያቆይ ሌላ ግብዣ ጋር። "አልሄድም። ከክፍል በኋላ ኳስ ሜዳ እንገናኝ።" ገፋፊው ሲመላለስ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይድገማት። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲስቅ ወይም መሬት መሬት ሲያይ አትውቀሱት፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ድምፁ ሲረጋ ትሰሙታላችሁ።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይበልጣል። አሁን ከሁለቱ ዝምተኞች አንዱ "እኔም አልሄድም" ይበል፤ ሌላ ምንም አይጨምር። የተጠየቀውን ልጅ ምን እንደተሰማው ጠይቁት። እኔ ይህን ዙር ፈጽሞ አልዘልለውም፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ታዳጊዎች በሕይወታቸው ከገፋፊውም ከተጠያቂውም ይልቅ ደጋግመው የሚገኙት በእነዚያ ዝምተኞች ቦታ ነው።

ይህ ክፍል የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። ገፋፊው ቀልደኛ ከሆነና ክፍሉ ሁሉ ከእሱ ጋር መሳቅ ከጀመረ ልምምዱ ለፎርፎ ማስታወቂያ እየሆነ ነው፤ ቶሎ አቁሙና ያንኑ ልጅ ተጠያቂ አድርጉት። በየቀኑ የሚረብሽን ልጅ ገፋፊ፣ የሚረበሸውን ደግሞ ተጠያቂ አድርጋችሁ አትመድቡ። አንድ ቡድን ጨዋታውን ትቶ ስለ እውነተኛ ሰው በሹክሹክታ ማውራት ከጀመረ አጠገባቸው ሂዱና ቁሙ።

በቀሪው ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አነጋገር አንዲት የእምቢታ ዓረፍተ ነገርና "እኔም" ብሎ የሚደግፈውን የአንድ ጓደኛ ስም ይጻፍ። ወረቀቱ አይሰበሰብም፣ አይነበብም፤ የራሱ ነው።

የአንድ ሰዓት ልምምድ በራሱ የልጆችን ምርጫ ይለውጣል ብላችሁ ለወላጆችም ለርዕሰ መምህሩም ቃል አትግቡ። ያልተደገመ ልምምድ ይረሳል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የምትመለሱበትን ግማሽ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀንና በሰዓት ቁረጡ። ስትመለሱም ንግግር አታድርጉ፤ አራት አራት አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና ሁለተኛውን ዙር እንደገና አስጀምሯቸው።