በቼክና በሰነድ ላይ የገንዘብ መጠንን በፊደል ስለመጻፍ

በቼክ፣ በውል ወይም በክፍያ ሰነድ ላይ የሚሰፍር ገንዘብ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል። በቼክ ላይ ሁለቱ ከተለያዩ፣ በንግድ ሕጉ መሠረት የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። በተግባር ግን ባንኮች እንዲህ ያለውን ቼክ ሳይከፍሉ ሊመልሱት ስለሚችሉ፣ ስህተቱ ከመፈረም በፊት ቢታረም ይመረጣል።

በርከት ያሉ ክፍያዎችን በዝርዝር የሚያዘጋጅ ባለጉዳይ እያንዳንዱን መጠን ከቀኝ ወደ ግራ በሦስት በሦስት አኃዝ ይከፋፍላል። ከዚያም ከግራ ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው አንብቦ «ሚሊዮን» ወይም «ሺህ» ይጨምርበታል። ዜሮ አይነበብም፤ ቦታው ግን መጠበቅ አለበት። 40,080 «አርባ ሺህ ሰማንያ» እንጂ «አርባ ስምንት ሺህ» አይደለም። በንግግር «መቶ ብር» ማለት የተለመደ ቢሆንም በሰነድ ላይ «አንድ መቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያ ከፊቱ «ሁለት» ወይም «ዘጠኝ» የሚል ቃል ሊጨመርበት ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጽሑፉ ከመስመሩ መነሻ ይጀምራል፤ ከመጨረሻው ቃል በኋላ የቀረው ባዶ ቦታም በሰረዝ ይዘጋል።

ብዙውን ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው በሣንቲሙ ላይ ነው። ዝርዝሩ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ከሆነ፣ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ያለውን ዜሮ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ 1,115.5 ሲባል ሃምሳ ሣንቲም እንጂ አምስት ሣንቲም ማለት አይደለም። ከመጻፍዎ በፊት ሁሉም መጠኖች ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ እንዲያሳዩ ያድርጉ።

ለምሳሌ የሚከተሉትን ሦስት ክፍያዎች እንመልከት፦

40,080.00፦ አርባ ሺህ ሰማንያ ብር ከ00/100

1,115.50፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አምስት ብር ከ50/100

206,300.05፦ ሁለት መቶ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ብር ከ05/100

ድምሩ 247,495.55 ሲሆን፣ «ሁለት መቶ አርባ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና አምስት ብር ከ55/100» ተብሎ ይጻፋል። ሣንቲም በሌለበትም ጊዜ «ከ00/100» ይጻፋል፤ ይህም በኋላ ሣንቲም እንዳይጨመር ይከላከላል።

ዝርዝሩን ለማመሳከር አኃዙን ያላየ ሌላ ሰው ቃላቱን ብቻ እያነበበ መልሶ በአኃዝ ይጻፍና ይደምር። በምሳሌያችን ሁለተኛው ክፍያ «ከ05/100» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 247,495.10 ይሆን ነበር። የ45 ሣንቲም ልዩነቱም ስህተቱ ከነጥቡ በኋላ መሆኑን ወዲያውኑ ያመለክታል። ልዩነቱ በሺህ የሚቆጠር ሲሆን በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ዜሮ ያለባቸው መጠኖች ናቸው፤ «አርባ ሺህ ሰማንያ» «አርባ ስምንት ሺህ» ተብሎ ቢጻፍ 7,920 ብር ትርፍ ይመጣል። በቼክ ላይ የተገኘ ስህተት በመሰረዝና በመደለዝ አይታረም፤ ቼኩ ተሰርዞ ሌላ ይጻፋል።