ጭራ የሚያወጣው ጥቁር

የእህቴ ልጅ ያገለገለ ሞኒተር ገዝቶ በሳምንቱ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ተሸወድኩ መሰለኝ» አለ። ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ መሀሉ ጎበጥ ያለ፣ በ144 ኸርዝ የሚሠራ ነው። የእግር ኳስ ጌም ሲጫወትበት ምንም እንከን አላገኘበትም። በጨለማ ዋሻና ጫካ ውስጥ የሚካሄድ ጌም ከፍቶ ማውሱን ፈጠን አድርጎ ሲያዞር ግን ጥቁር ነገር ሁሉ ከኋላው ጥላሸት እየተወ ይሄዳል። የዛፉ ግንድ፣ የበሩ መቃን፣ ጥጉ ላይ የቆመው ሰው፣ ሁሉም ያልደረቀ ቀለም በእጅ እንደተዳበሰ ይለቀለቃሉ።

ቤቱ ሄጄ አየሁት። ሞኒተሩ አልተበላሸም፣ ሻጩም አላታለለውም። የሞኒተሩ ፓኔል ቪኤ ከሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ጥቁር ጭራ ደግሞ የዚህ ፓኔል የታወቀ ጠባይ ነው። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ማሳጠር ግን ይቻላል። ለዚህም መንስኤውን ማወቅ ይቀድማል፤ ሰው መንስኤውን ሳያውቅ ሜኑውን ሲነካካ ብዙ ጊዜ የባሰ ነገር ያመጣል።

ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ

የኤልሲዲ ስክሪን ፒክሰሎች በራሳቸው አይበሩም። ከጀርባ ሁልጊዜ የበራ መብራት አለ። ከፊቱ ያለው የፈሳሽ ክሪስታል ንብርብር ለእያንዳንዱ ፒክሰል እንደ መጋረጃ ሆኖ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። በቪኤ ፓኔል ውስጥ ቮልቴጅ በሌለበት ጊዜ የክሪስታሉ ሞለኪውሎች በመስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያኔ ብርሃኑ ማለፊያ አያገኝም፤ ፒክሰሉ ጥቁር ይሆናል። ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ያዘነብላሉ፤ ይበልጥ ባዘነበሉ ቁጥር ይበልጥ ብርሃን ያልፋል።

ቀጥ ብለው ሲቆሙ መጋረጃው በደንብ ስለሚገጥም የቪኤ ጥቁር ጥልቅ ነው። በተለመደው አይፒኤስ ፓኔል ላይ ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ገደማ ሲደምቅ፣ በቪኤ ላይ 3000 እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። መብራት አጥፍቶ ፊልም የሚያይ ሰው ቪኤ የሚወደው ለዚህ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ አቋቋም ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ላይ ከአናቱ ብትጫኑት ወዲያው አይወድቅም፤ ወደ የት እንደሚወድቅ ገና አልለየለትም። ትንሽ ካዘነበለ በኋላ ግን ያው ግፊት ፈጥኖ ይጥለዋል። ሞለኪውሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ከቀጥታው አቋም መነሳት ላይ ይዘገያሉ። ፒክሰሉ ከጥቁር ወደ ደማቅ ቀለም እንዲሄድ ሲታዘዝ ቮልቴጁ ከፍተኛ ስለሆነ ይህን መዘግየት ያሸንፈዋል። ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ እንዲሄድ ሲታዘዝ ግን የሚሰጠው ቮልቴጅ ትንሽ ነው። ከሁሉ ይልቅ መገፋት በሚያስፈልገው ጊዜ የሚደርሰው ግፊት ከሁሉ ያነሰው ነው።

ጭራውም እንዲህ ይፈጠራል። ጥቁር ግንድ በጠቆረ ግራጫ ግድግዳ ፊት ወደ ቀኝ ያልፋል እንበል። ግንዱ ለቆ የሄደበት ቦታ ላይ ያሉት ፒክሰሎች ወዲያው ከጥቁር ወደ ግራጫ መመለስ ነበረባቸው። እነሱ ግን ገና እየተነሱ ናቸው፤ ግንዱ ከሄደ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆነው ይቆያሉ። የእኛ ዓይን የሚያየው ያንን ነው። አንዳንዴ ጭራው ወይን ጠጅ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ይታያል። በአንድ ፒክሰል ውስጥ ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች የሚሄዱበት ርቀት ስለሚለያይ እኩል አይደርሱም፤ የዘገየው ቀለም እስኪመጣ የቀደሙት ብቻቸውን ይታያሉ።

ጭራው ስንት ነው?

የእህቴ ልጅ ሞኒተር በስፋቱ 1920 ፒክሰል አለው። በ27 ኢንች ላይ አንዱ ፒክሰል 0.31 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በስልኬ በሰከንድ 240 ምስል እየቀረጽኩ፣ በሰከንድ 960 ፒክሰል የሚሄድ ጥቁር ሳጥን በጠቆረ ግራጫ ላይ አስኬድኩ። ለዚህ testufo.com የተባለው ነፃ የመፈተሻ ገጽ ይበቃል። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል ስቆጥር፣ ሳጥኑ የለቀቀው ቦታ ግራጫ እስኪሆን 7 ምስሎች ያህል አለፉ። አንዱ ምስል 4 ሚሊሰከንድ ከትንሽ ስለሆነ ጠቅላላው 29 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳጥኑ 28 ፒክሰል፣ ማለትም ወደ 9 ሚሊሜትር ተጉዟል። ጭራው የትንሿን ጣት ጥፍር ያህል ነው ማለት ነው።

ሞኒተሩ በ144 ኸርዝ በየ7 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ያወጣል። ፒክሰሉ አንዱን ትእዛዝ ሳይፈጽም ሌሎች አራት ይደርሱበታል። ቁጥሩን ወደ 165 ወይም ወደ 240 ማሳደግ ብቻውን ጭራውን የማያሳጥረው ለዚህ ነው፤ ትእዛዙ ይፈጥናል እንጂ ሞለኪውሉ አይፈጥንም።

«ካርቶኑ ላይ እኮ 1 ሚሊሰከንድ ይላል» አለኝ ልጁ። ይላል። ያ ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ በጣም ጠንካራው ማፍጠኛ ተከፍቶ፣ ፈጣኑ የግራጫ ለውጥ ተመርጦ የተለካ ነው። MPRT የሚል ቃል ከተጻፈ ደግሞ የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ የጀርባው መብራት እያጠፋ ሲያበራ ዓይን የሚያየው ድብዝዝታ። ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ያለውን ለውጥ ካርቶን ላይ የሚጽፍ የለም።

ሜኑው ውስጥ

መጀመሪያ የሚነካው ማፍጠኛው ነው። በሜኑው ላይ እንደ ሞኒተሩ Overdrive ወይም Response Time ተብሎ ይገኛል። ሥራው መኪና ገፍቶ እንደማስነሳት ነው። ለመነሻው ብዙ ሰው ትጠራላችሁ፣ ከተነሳ በኋላ ትለቃላችሁ። ሞኒተሩም ለአንድ አፍታ ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ሰጥቶ ሞለኪውሉን ያስነሳና ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ግፊቱ ከበዛ ፒክሰሉ ልኩን አልፎ ይደምቃል፤ ጥቁር ጭራው በነጣ ጥላ ይተካል። ይህም ለዓይን ብዙ ጊዜ ከፊተኛው የባሰ ነው።

ስለዚህ ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምሮ አንድ በአንድ መውጣት ነው። ከጥቁሩ ሳጥን ኋላ የነጣ ጠርዝ በታየ ጊዜ አንድ ደረጃ መመለስ። በልጁ ሞኒተር አራት ደረጃ አለ፤ አራተኛው የነጣ ጥላ አመጣ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ነበር። ጌሙ በሰከንድ የሚያወጣው ምስል ከፍ ዝቅ የሚልና ሞኒተሩም እሱን ተከትሎ ፍጥነቱን የሚቀይር ከሆነ ግን አንድ ፈተና ይቀራል። ለ144 የተመጠነ ግፊት በ60 ላይ ሊበዛ ይችላል። ሙከራውን በዝቅተኛውም ፍጥነት መድገም፣ ነጭ ጠርዝ ከታየም አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ነው። ሦስተኛውን ስንመርጥ በቪዲዮው ላይ 7 የነበረው ምስል ወደ 5 ወረደ።

ሁለተኛው የጥቁሩ መነሻ ነው። ዱላው ፍጹም ቀጥ ብሎ ካልቆመ መጣሉ ይቀላል። አምራቾች ጨለማውን ከፍ የሚያደርግ ቅንብር በተለያየ ስም ያስቀምጣሉ፤ Black Equalizer፣ Black Stabilizer፣ Shadow Boost ከሚታወቁት ናቸው። በብዙ ጌሞች ውስጥ ደግሞ የጋማ ማስተካከያ ይገኛል። ጨለማው ትንሽ ሲነሳ ፒክሰሎቹ ቀድመው ያዘነበሉ ይሆናሉ፣ የሚሄዱበት ግራጫም ደመቅ ስለሚል የሚደርሳቸው ግፊት ይጨምራል።

ዋጋ ግን አለው። ነጩ 120 ኒት፣ ጥቁሩ 0.04 ኒት በሆነ ስክሪን ላይ ልዩነቱ 3000 እጥፍ ነው። ጥቁሩን ከ255 ደረጃዎች ወደ 5ኛው ብታነሱት ወደ 2000 እጥፍ ይወርዳል። ወደ 10ኛው ብታነሱት 900 ገደማ ይሆናል፤ ያኔ ጥልቁን ጥቁር ብላችሁ የገዛችሁት ስክሪን ከተለመደው አይፒኤስ አይሻልም። ስለዚህ በጥቂቱ ማንሳት፣ ለጌም በተለየ ፕሮፋይል ማስቀመጥ፣ ፊልም ሲታይ ወደ ቀድሞው መመለስ ይሻላል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ይዘገያል። በጠዋት ብርድ የተከፈተ ሞኒተር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካለው ይልቅ ረዘም ያለ ጭራ ያሳያል፤ ቅንብር የሚመረጠውም ከሞቀ በኋላ ነው።

የጀርባ መብራቱን እያጠፋ የሚያበራው MPRT የተባለው ቅንብር እዚህ ብዙ አይረዳም። ፈጣን ፒክሰሎችን ያጠራል፤ ዘግይተው የሚደርሱትን ግን በመንገድ ላይ እያሉ ያበራባቸዋልና ጭራው ተነጣጥሎ እንደ ድርብ ምስል ይታያል። Brightness የሚለውም በአብዛኛው የጀርባ መብራቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ሞለኪውሉን አይነካውም።

ሁሉም ቪኤ እኩል ነው ማለት ግን አይደለም። ሳምሰንግ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው 240 ኸርዝ ኦዲሴይ ጂ7 በጨለማ ለውጦች ላይ ከቀደምት ቪኤዎች በጣም ፈጣን ነበር። ርካሹና የቆየው ቪኤ ላይ ግን ጭራው ሁሌም አለ።

የእህቴ ልጅ ሞኒተሩን አልሸጠውም። ማፍጠኛው ሦስተኛ ላይ፣ ጨለማው በትንሹ ተነስቶ፣ ጭራው ከ7 ምስል ወደ 4 ገደማ ወርዷል፤ ፈልጎ ካላየው አያስተውለውም። ለአብዛኛው ተጫዋች ይህ ይበቃል። ከሁሉ በላይ የሚጫወተው በጨለማ ውስጥ የሚሮጥ ጌም የሆነ ሰው ግን ከመጀመሪያው አይፒኤስ ወይም ኦሌድ ቢገዛ ይሻለዋል። ያገለገለ ቪኤ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስከፍታችሁ አሙቁት፣ በጠቆረ ግራጫ ላይ ጥቁር ነገር አስኬዱበት፣ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ቁጠሩ። በደማቅ የኳስ ሜዳ የተፈተነ ሞኒተር አልተፈተነም።